የፈረቃ ርክክብ ማስታወሻ አጻጻፍ፦ ያልተዘጉ ጥያቄዎች፣ ያሉበት ሁኔታና ተረካቢው የሚሠራው ሥራ

«4471፦ የሂሳብ ክፍል የጋራ ፎልደር ችግር። በመጠባበቅ ላይ።»

የሌሊት ፈረቃ ባለሙያ ይህን መስመር ጽፎ ቢወጣ፣ ከጻፈው ውስጥ ሐሰት የሆነ ነገር የለም። ችግሩ የተነሣው ከሂሳብ ክፍል ነው፤ ጥያቄውም አልተዘጋም። ነገር ግን ጠዋት እዚያው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ይህን አንብቦ የሚሠራው ነገር የለውም። የሚጠበቀው ማን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚጠበቅ፣ እስከ መቼ መጠበቅ እንዳለበት፣ የሚጠበቀው ሰው ቢቀር ደግሞ ለማን እንደሚነገር አያውቅም። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ የተኛውን ባልደረባውን ደውሎ ይቀሰቅሳል፣ ወይም «በመጠባበቅ ላይ» የሚለውን ቃል አምኖ ጥያቄውን ይተወዋል። በተግባር የሚበዛው ሁለተኛው ነው።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን መስመር ሥራ ወደሚያሠራ መስመር ስለመለወጥ ነው። ምሳሌው የሚወሰደው ቀንና ሌሊት በሦስት ፈረቃ ከሚሠራ የቴክኒክ ድጋፍ ዴስክ ሲሆን፣ አስረካቢው ከ00:00 እስከ 08:00 የሠራ የሌሊት ፈረቃ ባለሙያ ነው። ጥያቄዎች ቁጥር ተሰጥቷቸው በትኬት ሲስተም ውስጥ እንደሚመዘገቡ ይታሰባል። ሲስተም የሌለውና በመዝገብ ደብተር የሚሠራ ቦታም አካሄዱ ያው ነው፤ የሚለየው ዝርዝሩ የሚወጣበት መንገድ ብቻ ነው።

መቼ ይጀመራል

ማስታወሻው በፈረቃው መጨረሻ የሚጻፍ ቢሆንም፣ የሚጻፈው ነገር የሚሰበሰበው ሥራው በሚሠራበት ሰዓት ነው። በ03:05 የተደረገ ለውጥ በ07:30 ሲታወስ ሰዓቱ ይዛነፋል፣ ያነጋገሩት ሰው ማንነት ይደበዝዛል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ለጊዜው» ተብሎ የተደረገው ነገር እንደ ተራ ሥራ ተቆጥሮ ይረሳል። በመሆኑም እያንዳንዱን ስልክና እያንዳንዱን ለውጥ ወዲያውኑ በትኬቱ ላይ በአንድ መስመር ያስፍሩ። ማስታወሻው ራሱ ፈረቃው ሊያልቅ 40 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ቢጀመር ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቀላል ጥያቄ ቁጥር ሰጥቶ መመዝገብ እንጂ ለመፍታት መግባት አይመከርም፤ 15 ደቂቃ ሲቀር የተጀመረ ሥራ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ላይ ይቀራል፣ በግማሽ የቀረ ሥራን ማስረከብ ደግሞ ጭራሽ ካልተነካ ሥራ ይልቅ ከባድ ነው።

ዝርዝሩን ማውጣት

መጀመሪያ ከሲስተሙ ያልተዘጉትን ሁሉ ያውጡና ይቁጠሩ። ማጣሪያው በእርስዎ ስም የተመዘገቡትን ብቻ እንዳያሳይ ይጠንቀቁ፤ ለፈረቃው ሁሉ የተመደቡትን፣ ለማንም ያልተመደቡትን፣ ተዘግተው እንደገና የተከፈቱትንም ማካተት አለበት። በተለይ እንደገና የተከፈተ ትኬት በአብዛኛው የሚመለሰው ቀድሞ ወደ ዘጋው ሰው ስም ነው፤ ያ ሰው ዕረፍት ላይ ከሆነ ጥያቄውን የሚያይ የለም።

ቀጥሎ እርስዎ ሲገቡ የተረከቡትን ማስታወሻ አውጥተው ከአዲሱ ዝርዝር ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩ። በተረከቡት ማስታወሻ ላይ የነበረ እያንዳንዱ ጥያቄ ወይ በእርስዎ ፈረቃ ተዘግቷል፣ ወይም በሚጽፉት ላይ ይገኛል። ከሁለቱም ቦታ የጠፋ ጥያቄ ካለ በሁለት ፈረቃ መካከል ወድቋል ማለት ነው። ይህን ማስተያየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ እስካየሁት ድረስ ግን ሰው ሲቸኩል መጀመሪያ የሚዘለው እርምጃ ይኸው ነው።

በመጨረሻም ቁጥር የሌላቸውን ይፈልጉ። በስልክ የተጠየቀ፣ በኮሪደር ሲያልፉ የተነገረ፣ በግል መልእክት የመጣ ጥያቄ ካለ አሁኑኑ ቁጥር ይስጡት። ቁጥር ያልተሰጠው ጥያቄ በማስታወሻው ላይ ቢጻፍ እንኳ ከአንድ ፈረቃ በላይ አይሻገርም፤ ተረካቢው በዚያው ቀን ካልጨረሰው ቀጣዩ ማስታወሻ ላይ የሚያስታውሰው ነገር አይኖርም።

በምሳሌያችን የተገኙት ያልተዘጉ ጥያቄዎች 11 ናቸው እንበል።

ቅደም ተከተሉ

ሲስተሙ የሚያወጣው ዝርዝር በቁጥር ወይም በክብደት የተደረደረ ነው። ለተረካቢው የሚጠቅመው ግን እጁ መጀመሪያ የሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ክብደቱ ከፍ ያለ ጥያቄ እስከ ከሰዓት በኋላ ምንም የማይደረግበት ሊሆን ይችላል፤ ቀላል የሚባለው ደግሞ 08:30 ላይ አንድ ስልክ ካልተደወለለት ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ 11ዱን በሦስት ይክፈሏቸው። በመጀመሪያው ክፍል በሚቀጥለው ፈረቃ ውስጥ የግድ አንድ ነገር መሠራት ያለባቸው በሰዓታቸው ቅደም ተከተል ይገባሉ። በሁለተኛው አሁን ምንም የማይሠራባቸው፣ ነገር ግን አንድ ነገር ከተከሰተ ሥራ የሚጠይቁ ይቀመጣሉ። የተቀሩት ዝም ብለው የሚቆዩ ናቸው፤ እነዚህን በቁጥራቸው ብቻ በአንድ መስመር መዘርዘር ይበቃል።

የእኛ 11 ጥያቄዎች 3፣ 2 እና 6 ሆነው ተከፈሉ። ትርጉሙም ማስታወሻው ውስጥ በዝርዝር የሚጻፈው ስለ አምስት ጥያቄዎች ብቻ ነው ማለት ነው። ሁሉንም እኩል ለመግለጽ የሚሞክር ማስታወሻ ሁለት ገጽ ይሆናል፤ ተረካቢው ደግሞ ሁለት ገጽ ወረፋ እየጠበቀው አያነብም።

ሁኔታውን መግለጽ

ሁኔታን ለመግለጽ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ችግሩ ማንን ምን እንዳያደርግ ከለከለ፣ እስካሁን ምን ተደረገ፣ አሁን ኳሷ በማን እጅ ናት። የመጨረሻው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የማስታወሻ አብዛኛው ድክመት ያለው እዚህ ነው።

«በመጠባበቅ ላይ» የሚለው ቃል በሲስተሙ ውስጥ እንደ ሁኔታ መመረጡ ችግር የለውም። በማስታወሻው ላይ ግን ብቻውን መቆም የለበትም። የሚጠበቀው ጠያቂው ሊሆን ይችላል፤ የሌላ ክፍል ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ የዕቃ አቅራቢ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የአለቃ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዳቸው የተለየ ትዕግሥትና የተለየ ቀጣይ እርምጃ አላቸው። ጠያቂው መልስ ባለመስጠቱ የቆመ ጥያቄ በድርጅቱ ደንብ መሠረት ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሊዘጋ ይችላል፤ የእኛው ባልደረባ ባለመመለሱ የቆመውን ግን መዝጋት አይቻልም። ስለዚህ የሚጠበቀውን ሰው፣ የተጠየቀበትን ሰዓትና የሰጠውን መልስ አንድ ላይ ይጻፉ። «የሰርቨር ባለሙያው ነገ ያየዋል» እና «ለሰርቨር ባለሙያው በ04:40 በስልክ ተነግሮት በ08:30 እሠራዋለሁ ብሏል» የሚሉት ሁለቱ አባባሎች ስለ አንድ ነገር ቢናገሩም፣ ተረካቢው ሊጠቀምበት የሚችለው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

እዚሁ ላይ ግምትንና የታየውን መለየት ይገባል። «ሰርቨሩ ላይ ችግር አለ» ብሎ የጻፈ ሰው አይቶ ይሁን ጠርጥሮ አይታወቅም። ተረካቢው እንደታየ አድርጎ ወስዶት ምርመራውን ከዚያ ይጀምርና፣ ጥርጣሬው ስሕተት ከሆነ ሁለት ሰዓት ያባክናል። የተጠረጠረ ነገር «እጠረጥራለሁ፤ አላረጋገጥኩም» ተብሎ ይጻፍ። ይህን መጻፍ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ያላረጋገጠውን ያልተረጋገጠ ብሎ በሚጽፍ ሰው ማስታወሻ ላይ ነው ይበልጥ የምተማመነው።

ቀጣዩን ሥራ መጻፍ

ከማስታወሻው ሁሉ ትልቁ ድካም እዚህ ላይ መዋል አለበት። ቀጣይ ሥራ የሚጻፈው ተረካቢው ሊፈጽመው በሚችለው ግስ ነው፦ ይደውሉ፣ ያረጋግጡ፣ ያስወግዱ፣ ይላኩ። «ክትትል ይደረግ» የሚለው አነጋገር ከ«በመጠባበቅ ላይ» የማይተናነስ ባዶ ነው፤ ምን ቢደረግ ክትትል እንደተደረገ እንደሚቆጠር አይታወቅም። ግሱ ሰዓት ይጨመርበታል። ከሰዓቱ ቀጥሎ «ይህ ካልሆነ» የሚለው ይከተላል፤ አስረካቢው ጉዳዩን ለሰዓታት ሲያገላብጠው ስለቆየ ሊከሰት የሚችለውን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነውና። በመጨረሻም መደረግ የሌለበት ነገር ካለ በግልጽ ይጻፋል።

ወደ 4471 እንመለስ። የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ሌሊት በ02:15 የወር ሂሳብ የሚዘጉ ስድስት ሠራተኞች የክፍላቸው የጋራ ፎልደር አልከፈት ይላቸዋል። የሌሊቱ ባለሙያ ሲያየው ስድስቱ ፎልደሩን የሚከፍቱበት ፈቃድ በተሰጠው ቡድን ውስጥ የሉም፤ ማን እንዳወጣቸው አላወቀም። ቡድኑን የማስተካከል ሥልጣን ያለው የሰርቨር ባለሙያው ብቻ ስለሆነ፣ የሂሳቡ ሥራ እንዳይቆም በ03:05 ለስድስቱ በየስማቸው በቀጥታ ፈቃድ ሰጣቸው። ፎልደሩ ተከፈተ። የሰርቨር ባለሙያውን በ04:40 ደውሎ አገኘው። ለጠያቂዋ፣ ማለትም ለክፍሉ ኃላፊ፣ እስከ 09:30 ድረስ የመጨረሻ መልስ እንደሚነገራት ቃል ገባ።

ይህ በማስታወሻው ላይ እንዲህ ይሰፍራል፦

> 4471 — የሂሳብ ክፍል የጋራ ፎልደር (የመጀመሪያው እርምጃ 09:00)
> ሁኔታ፦ 6 ሠራተኞች ከፈቃድ ቡድኑ ወጥተው ተገኝተዋል፤ ማን እንዳወጣቸው አልታወቀም። በ03:05 ለስድስቱም በስማቸው ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጥቻለሁ፤ አሁን እየሠሩ ነው። ቡድኑን የሚያስተካክለው የሰርቨር ባለሙያው ሲሆን በ04:40 አነጋግሬው በ08:30 እሠራዋለሁ ብሏል።
> ቀጣይ ሥራ፦ በ09:00 ስድስቱ ወደ ቡድኑ መመለሳቸውን ያረጋግጡ። ከተመለሱ ጊዜያዊውን ፈቃድ ከስድስቱም ላይ ያንሡና ከመካከላቸው አንዱ ፎልደሩን ከፍቶ እንዲያሳይ ይጠይቁ። በ09:00 ካልተሠራ ለተረኛው ኃላፊ ይደውሉ።
> አይደረግ፦ ስድስቱ ወደ ቡድኑ ሳይመለሱ ጊዜያዊው ፈቃድ አይነሣ፤ የወር ሂሳብ እየዘጉ ነው።
> ቃል የተገባ፦ ለክፍሉ ኃላፊ እስከ 09:30 መልስ ይነገራቸዋል።

ከዚህ ምሳሌ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። የመጀመሪያው ጊዜያዊው ፈቃድ ነው። ችግሩ ከተቃለለ በኋላ የሚያስታውሰው ሰው ስለሌለ፣ ጊዜያዊ መፍትሔ ካልተጻፈ ቋሚ ይሆናል። ከስድስቱ አንዱ ከወራት በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ቢዛወርና ከቡድኑ ቢወጣ፣ በስሙ የተሰጠው ፈቃድ ስላልተነሣ የሂሳብ ፎልደሩን ማየት ይቀጥላል። ስለዚህ ለጊዜው የተደረገ ማንኛውም ለውጥ ሲጻፍ፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚነሣ አብሮ ይጻፋል። ሁለተኛው የተገባው ቃል ነው። ጠያቂዋ ቃል የተገባላት ከዴስኩ እንጂ ከአንድ ሰው አይደለም፤ 09:30 ሲሆን ስልኩን የሚያነሣው ሰው ቃሉን ካላወቀው፣ ሌሊቱን ሙሉ የተሠራው ሥራ ሁሉ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ስለ አንድ ዕቃ የቀረቡ ሁለት ጥያቄዎች

በዝርዝሩ ላይ ያሉት ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ተለያይተው ቢታዩ ሁለቱም ቀላል ናቸው። 4459 የመጠባበቂያ ቅጂ በሚቀመጥበት ሰርቨር ላይ ከአምስቱ ዲስኮች አንዱ እንደተበላሸ ይናገራል፤ አዲሱ ዲስክ ከ09:00 እስከ 11:00 ባለው ጊዜ ይመጣል። 4475 ደግሞ ሌላ ቡድን ለዝማኔ ሲባል አንድ ሰርቨር በ13:00 ጠፍቶ እንዲነሣ ያቀረበው ጥያቄ ነው። የሁለቱንም ትኬት ከፍቶ ያላነበበ ሰው ሰርቨሩ አንድ መሆኑን አያስተውልም።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ አምስት ዲስኮች የተቀናጁት የአንዱን መበላሸት እንዲችሉ ነው፤ ሁለተኛ ዲስክ ቢበላሽ መረጃው ይጠፋል። አዲሱ ዲስክ ከገባ በኋላም የጎደለው መረጃ ከአራቱ ተነብቦ እስኪሞላ ድረስ ሰዓታት ይወስዳል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጥበቃ የለም። ያረጀ ዲስክ ደግሞ እየሠራ ሳለ ደህና መስሎ፣ ጠፍቶ ሲነሣ አልነሣ የሚልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ማስታወሻው ሁለቱን በአንድ ቦታ ያስቀምጣቸዋል፦

> 4459 እና 4475 — ሁለቱም ስለ መጠባበቂያ ሰርቨሩ ናቸው (የመጀመሪያው እርምጃ 08:15)
> ሁኔታ፦ 1 ዲስክ ተበላሽቷል፤ ምትኩ ከ09:00 እስከ 11:00 ይመጣል። ሌላ ቡድን ይህንኑ ሰርቨር በ13:00 አጥፍቶ ለማስነሣት ጠይቋል፤ ስለ ዲስኩ አላወቁም።
> ቀጣይ ሥራ፦ በ08:15 ለቡድኑ ደውለው የ13:00ው ሥራ እንዲራዘም ይንገሩ። ዲስኩ በ11:00 ካልመጣ ለአቅራቢው ይደውሉ። ከገባ በኋላ መሙላቱ መጀመሩን በስክሪኑ ላይ አይተው ሰዓቱን በ4459 ላይ ይመዝግቡ።
> አይደረግ፦ መሙላቱ ሳይጠናቀቅ ሰርቨሩ አይጥፋ። በ4475 ላይም ይኸው ተጽፏል።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ቢመስልም ዋናው እርሱ ነው። ማስጠንቀቂያ መጻፍ ያለበት በተበላሸው ዕቃ ትኬት ላይ ብቻ ሳይሆን፣ አደጋውን ሊያስከትል የሚችለው ሰው በሚከፍተው ትኬት ላይም ጭምር ነው። 13:00 ላይ ሰርቨሩን ሊያጠፋ የተዘጋጀው ሰው የሚያነበው 4475ን እንጂ 4459ን አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር እጅግ በከፋ መልኩ የታየው በሰሜን ባሕር ላይ በነበረው የፓይፐር አልፋ የነዳጅና የጋዝ ማውጫ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 ከሁለቱ የጋዝ ፈሳሽ ፓምፖች የአንደኛው የግፊት መከላከያ ቫልቭ ለጥገና ተፈትቶ ነበር፤ ሥራው በቀን ፈረቃ ስላላለቀ ክፍተቱ በክዳን ተሸፍኖ ተተወ። ለፓምፑና ለቫልቩ የተጻፉት የሥራ ፈቃድ ወረቀቶች ግን ሁለት የተለያዩ ነበሩ። ሌሊት ሁለተኛው ፓምፕ ቆሞ አልነሣ ሲል፣ የሌሊት ፈረቃው ሠራተኞች የፓምፑን ወረቀት እንጂ የቫልቩን አላወቁም ነበር፤ በርክክቡም አልተነገራቸውም። የመጀመሪያውን ፓምፕ ሲያስነሡ ጋዙ በክዳኑ በኩል አመለጠና ፈነዳ፤ 167 ሰዎች ሞቱ። ወረቀቱ ተጽፎ ነበር፤ የጠፋው ሁለቱን ወረቀቶች የሚያገናኝ አንድ መስመር ነው።

ሰዓት፣ ስምና የማይጻፉ ነገሮች

ስለ ሰዓት የራሴን ስሕተት ልናገር። ከዓመታት በፊት ለቀን ፈረቃ በጻፍኩት ማስታወሻ ላይ «ለደንበኛው በ9 ሰዓት ይደወል» ብዬ ነበር። እኔ ያሰብኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓትን፣ ማለትም በስክሪን 15:00 የሚታየውን ነው። ተረካቢው ግን ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ስለነበር 09:00 አድርጎ አነበበው፤ ደንበኛው ከቀጠሮው ስድስት ሰዓት ቀድሞ ተደወለለት፣ ያልተዘጋጀበትን ሥራ ጀምር ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ሰዓት ሲስተሙ በሚያሳየው በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠርና ሁልጊዜ በአራት አኃዝ እጽፋለሁ፤ በማስታወሻው ራስጌም «ሰዓቶቹ በስክሪን አቆጣጠር ናቸው» የሚል አለ። በቃል ስናወራ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ማለታችን አይቀርም፤ በጽሑፉ ላይ ግን 09:00 ብቻ ይሁን። «ነገ» እና «ዛሬ» የሚሉትም በሌሊት ፈረቃ ላይ ያሳስታሉ፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ «ነገ ጠዋት» ያለ ሰው የትኛውን ጠዋት ማለቱ እንደሆነ ስለማይታወቅ ቀኑን ይጻፉ።

የይለፍ ቃል በማስታወሻ ላይ አይጻፍም፣ ለጊዜው የተሰጠም ቢሆን። ማስታወሻው ይባዛል፣ ይላካል፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ስለ ጠያቂው ማንነትም ሥራውን ለመቀጠል ከሚያስፈልገው በላይ አይጨመር፤ ስልክ ቁጥሩ በትኬቱ ላይ ካለ የትኬቱ ቁጥር ይበቃል። «ሰውየው አስቸጋሪ ነው» የሚል አስተያየትም እንዲሁ ይቅር፤ ጠያቂው ሦስት ጊዜ ደውሎ ከሆነ «ሦስት ጊዜ ደውለዋል፤ የመጨረሻው በ06:50» ብሎ መጻፍ ተረካቢውን ለሚጠብቀው ነገር ያዘጋጀዋል።

ራስጌው አጭር ነው፦ ቀን፣ ከየትኛው ፈረቃ ለየትኛው፣ የአስረካቢና የተረካቢ ስም፣ ማስታወሻው የተጠናቀቀበት ሰዓት፣ ያልተዘጉት ጠቅላላ ብዛት። የተጠናቀቀበት ሰዓት የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ የገባ ጥያቄ በዝርዝሩ ላይ እንደማይገኝ ተረካቢው እንዲያውቅ ነው። ብዛቱ ደግሞ ከሲስተሙ ጋር እንዲያመሳክር ይረዳዋል፤ ወረቀቱ 11 ብሎ ስክሪኑ 13 ካሳየ፣ ሁለቱ ምን እንደሆኑ አስረካቢው ሳይወጣ ይጠይቃል።

በቃል ማስረከብ

ማስታወሻው ተልኮ ብቻ የሚቀር ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው። ከተቻለ ፊት ለፊት፣ ካልተቻለ በስልክ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ተቀምጠው የመጀመሪያውን ክፍል ጥያቄዎች አብረው ይለፉ። አስረካቢው ሁሉን አንብቦ ተረካቢው ራሱን ቢነቀንቅ ግን ምንም አልተረጋገጠም። ሐኪሞች ታማሚዎችን በፈረቃ ሲያስረክቡ በሚጠቀሙበት አይ-ፓስ በተባለው ሥርዓት ውስጥ የመጨረሻው እርምጃ፣ ተረካቢው የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ መናገሩ ነው፤ ለእኛም ሥራ ያው ይሠራል። ለምሳሌ ተረካቢው «ስለዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፈቃዱን አነሣለሁ» ካለ፣ አስረካቢው እዚያው «መጀመሪያ ወደ ቡድኑ መመለሳቸውን ካዩ በኋላ» ብሎ ያርመዋል። ያ ስሕተት ሁለት ዓረፍተ ነገር አስከፈለ፤ ሳይታረም ቢቀር ስድስት ሰዎችን ሥራ ያስፈታ ነበር።

ከዚህ በኋላ በሲስተሙ ላይ የጥያቄዎቹ ባለቤት ስም ይቀየራል። ቅያሬው የሚደረገው ተረካቢው መልሶ ከተናገረ በኋላ እንጂ ማስታወሻው ሲላክ አይደለም፤ አለበለዚያ 07:50 ላይ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ያላነበበው ጥያቄ ባለቤት ይሆናል። ተረካቢው ቢዘገይ ጥያቄዎቹ በአስረካቢው ስም ይቆያሉ፤ ለተረኛው ኃላፊም ይህንኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ቤት ከደረሱ በኋላ የረሱት ነገር ትዝ ካለዎት፣ የተላከውን ማስታወሻ በዝምታ አያርሙት። ተረካቢው አንዴ አንብቦታል፤ ተመልሶ አያነበውም። በትኬቱ ላይ ይጻፉና ይደውሉ፤ ነገሩ እስከ ቀጣዩ እርምጃ ሰዓት ድረስ የሚቆይ ከሆነ መልእክት መላክ ይበቃል።

ተረካቢውም የድርሻውን ይሥራ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ከማስታወሻው ያላገኘውና ፈልጎ ያጣው ነገር ካለ፣ ጥያቄውን እንዳለ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይጻፍ፦ «አቅራቢው ማን ነው?»፣ «ተረኛው ኃላፊ ዛሬ ማን ነው?» እነዚህን ጥያቄዎች ለሁለት ሳምንት ያህል ሰብስቦ ያየ ዴስክ፣ የራሱ ማስታወሻ ሁልጊዜ የትኛውን ነገር እንደሚረሳ ያገኘዋል። እኛ ዘንድ በተደጋጋሚ የጎደለው የተረኛው ኃላፊ ስም ነበር፤ አሁን በራስጌው ላይ ከተረካቢው ስም ሥር ይጻፋል።